ሰባት ገጽ በጥቂት መስመር

«ለሉብና ሰባት ገጽ ሙሉ ማን ያነብላታል? አሳጥሪና በአምስት ስድስት መስመር ጻፊላት፤ ውክልና እንድትልክልኝም ጨምሪበት» አለ ሽኩር፣ የፍርድ ቤቱን ወረቀት በጠረጴዛው ላይ ወደ እህቱ እየገፋ። ዓርብ ጠዋት ነው፣ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ። ወረቀቱን ያመጣው የውርስ አጣሪው ረዳት ገና ከግቢው በር አልራቀም። ሁለት ቅጂ ነው ጥሎ የሄደው፤ አንዱ ለጠሂራ፣ አንዱ ኩዌት ላለችው ታናሽ እህታቸው ለሉብና። የሁለቱንም መረከቢያ የፈረመችው ጠሂራ ናት። ሉብና ከአገር ከወጣች አሥራ ስድስት ዓመት ሞልቷታል፤ ወረቀቱ ላይ ግን አድራሻዋ «አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ፣ እዚሁ ቤት» ይላል። ይህን አድራሻ ለፍርድ ቤት የሰጠው ሽኩር ነው። ሰውየው «እሷስ የታለች?» ብሎ ሲጠይቅ ሽኩር ፈገግ ብሎ «ቤተሰብ አይደለን፣ እህቷ ትፈርምላታለች» አለው። እንዲህ ሆኖ ሉብና የማታውቀውን መጥሪያ በሕግ ፊት ተረከበች።

ቤቱ ከራጉኤል ዝቅ ብሎ ነው፤ ከፊት ለፊት አራት ክፍል ያለው፣ ጣሪያው ሁለት ጊዜ የተቀየረ የጭቃ ቤት። ሽኩር ከሚስቱ ከምስራና ከአራት ልጆቹ ጋር የሚኖረው እዚያ ነው። ከኋላ ደግሞ ሦስት የብሎኬት ክፍሎች አሉ፤ ወደ ግቢውም ወደ ኋለኛው ጠባብ መንገድም በር ያላቸው። በሁለቱ ሽኩር የሚያከፋፍለው ጨርቅ እስከ ጣሪያው ተደርድሯል፣ በሦስተኛው ጠሂራ ትኖራለች። መርካቶ ውስጥ ሰው የሚያድርበት ክፍልና ዕቃ የሚያድርበት ክፍል ዋጋቸው እኩል አይደለም፤ ዕቃው ይበልጣል። ጠሂራ ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው። አንድ ጊዜ አግብታ በሦስተኛው ዓመት በሁለት ሻንጣ ተመልሳለች፤ ልጅ የላትም። ከዚያ ወዲህ በዓለም ላይ የኔ የምትለው ያን አንድ ክፍል፣ አልጋዋን፣ ቁም ሳጥኗንና መስኮቱ ላይ ያሳደገችውን ጤና አዳም ነው። ሰው እንዲህ ሲሆን ለግድግዳም ይንሰፈሰፋል።

የምትሠራው ሲኒማ ራስ አጠገብ ባለች ጽሕፈት ቤት ነው። ማመልከቻ፣ አቤቱታ፣ የክስ መልስ ትተይባለች፤ ስለዚህ የፍርድ ቤት አማርኛ አያስፈራትም። ወንድሟ ሻይ እየማገ ወረቀቱን ቁጭ ብላ አነበበችው። አንደኛው ገጽ አባታቸው ሀጂ ኢስሀቅ መቼ እንደሞቱና ኑዛዜ እንዳልተዉ ይናገራል። ሁለተኛው ወራሾቹን ይዘረዝራል፤ ሚስታቸው ቀድመው ስለሞቱ ወራሾቹ ሦስቱ ልጆች ናቸው፣ ድርሻቸውም ለእያንዳንዳቸው አንድ ሦስተኛ። ሀጂ ለማንም ያልከፈሉት ዕዳ የለም። ሱቁ የቀበሌ ኪራይ ስለሆነ የውርስ ንብረት አይደለም። የፊት ለፊቱ ቤት በሟች ስም ካርታ ስላለው ውርስ ነው፤ ለሦስት ቆርሶ ለመካፈል ግን ስለማይመች አንደኛው ወራሽ ለሌሎቹ የድርሻቸውን ግምት ከፍሎ ያስቀረው፣ በዚህ ካልተስማሙ በሐራጅ ተሸጦ ገንዘቡን ይካፈሉ ይላል። እስከዚህ ድረስ ቅሬታ የሚያነሳ ሰው የለም። ጠሂራ አምስተኛው ገጽ ላይ ስትደርስ ግን ጣቷ መስመሩ ላይ ቆመ።

«ከግቢው በስተኋላ የሚገኙትን ሦስት ክፍሎች በተመለከተ፣ ወራሽ አቶ ሽኩር ኢስሀቅ በ2005 ዓ.ም. በግል ገንዘባቸው የሠሯቸው መሆኑን ገልጸው ሁለት ምስክር አሰምተዋል። ተቃራኒ ማስረጃ ስላልቀረበ ክፍሎቹ በውርስ ሀብትነት አልተመዘገቡም።» ከሥሩ ደግሞ፦ በዚህ ሪፖርት ላይ አስተያየት ያለው ወራሽ በመጪው ረቡዕ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል፣ ችሎት ቀርቦ ወይም በጽሑፍ አስገብቶ ያሰማ።

ክፍሎቹን የሠራው ሽኩር አይደለም። በዚያ ዓመት ሽኩር ከስሮ ሱቁን ዘግቶ ነበር። የሠራችው ሉብና ናት፤ ኩዌት በገባች በአራተኛው ዓመት፣ በሰው ቤት ሽንት ቤት አጥባና የሰው ልጅ አዝላ ባጠራቀመችው። ገንዘቡ የመጣው በባንክ አልነበረም፣ እንደ ሰፈሩ ልማድ በነጋዴ እጅ ነው፤ እዚያ ለአንዱ ይሰጣል፣ እዚህ ሌላው ያስረክባል፣ ወረቀት የሚባል ነገር የለም። ተቀባይዋ ጠሂራ ነበረች። ብሎኬቱን ከኮልፌ በአይሱዙ ጭና ያመጣችው፣ ግንበኛውን ስትጨቀጭቅ የዋለችው፣ ቆርቆሮው ሲመታ ፎቶ አንስታ «ክፍልሽ ተከደነ» ብላ የላከችላት እሷ ናት። አጣሪው ግቢውን ሊያይ የመጣ ዕለት ግን ሥራ ላይ ነበረች፤ መምጣቱንም የነገራት የለም።

«ጋሼ፣ ይሄ አምስተኛው ገጽ…» አለች።

«ምን ሆነ አምስተኛው ገጽ?»

ወረቀቱን ወደ እሱ አዞረችለት። ሽኩር ብርጭቆውን አስቀምጦ ወንበሩን አስጠጋ። ድምፁን ሲያለሰልስ አባታቸውን ይመስላል፤ ይህን ደግሞ ያውቀዋል። «ስሚ ጠሂ። ክፍሎቹ ውርስ ውስጥ ገቡ እንበል። ከዚያስ? ግቢው በሙሉ ሐራጅ ይወጣል። የመርካቶ ሐራጅ ላይ ማን እንደሚመጣ ታውቂያለሽ፣ እኔም አልችለውም፣ አንቺም አትችይውም። አንድ ሦስተኛሽን በፌስታል ይዘሽ ኮዬ ፈጬ ቤት ልትፈልጊ ነው? ከዚያ በስንት ታክሲ ነው ሲኒማ ራስ የምትደርሺው? እኔ ጋ ከሆኑ ግን ያው ቤትሽ ነው። ማን ይነካሻል?»

«ክፍሌን ማለትህ ነው?»

«እኔ ወንድምሽ አይደለሁም እንዴ!»

ጠሂራ ለዚህ የሚሆን ወረቀት አልጠየቀችም። ደንበኛ መጥቶ «ወንድሜ በቃሉ ሰጥቶኛል» ቢላት በሳቅ ትፈርስ ነበር፤ ሦስት ምስክር ይዘህ፣ ፊርማ አስፈርመህ፣ ሰነዶች ማረጋገጫ ሄደህ አስመዝግብ ብላ ነው የምትመልሰው። እዚያ ቤት ግን ወንድምን «ፈርምልኝ» ማለት በጥፊ ከመምታት አይተናነስም። ሀጂ ኢስሀቅ ዕድሜያቸውን ሙሉ በመጨባበጥ ነግደው የሞቱ ሰው ናቸው፣ ከሥጋ ዘመዱ ወረቀት የሚቀበልን ሰው ቤታቸው አያስገቡም ነበር። ሌላውን ሁሉ ወረቀት አስይዛ የምታድር ሴት፣ የራሷን መጠለያ በአንድ ጥያቄ ላይ አንጠልጥላ ቦርሳዋን ይዛ ወጣች።

ጽሕፈት ቤቱ ባለ ሁለት ኮምፒዩተር ነው፣ አንደኛው የሚሠራው ሲመታ ብቻ ነው። ዓርብ ጠዋት ሰው ይበዛል፤ ከሶላት በፊት ጉዳዩን ጨርሶ ሊሄድ የሚጣደፍ፣ «በገጽ አርባ ብር ምን ሲደረግ!» እያለ የሚከራከር። ጠሂራ አንድ የኪራይ ውል ተየበች፣ አንድ የጠፋ መታወቂያ ማመልከቻ ተየበች፣ በመካከል እጇ ቦርሳዋ ውስጥ እየገባ ወረቀቱን ይዳስሳል። ባለቤቱ ጋሼ ወልደ ሚካኤል ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። በወጣትነታቸው ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠርተዋል፤ አሁን ጥግ ይዘው አቤቱታ በቃል ያስጽፋሉ። ሰዉ ሳሳ ሲል ወንበሯን አዞረች።

«ጋሼ፣ አንድ ደንበኛ ጠይቃኝ ነበር» አለች፣ ጉዳዩን ከነገጹ ነገረቻቸው፤ የራሷን ስም ብቻ አስቀርታ። ሽማግሌው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉ።

«ረቡዕ ካላሰሙ መብታቸው ይታለፋል። ዳኛው ሪፖርቱን ያጸድቀዋል፣ ክፍሎቹም የልጁ ሆኑ ማለት ነው። ከጸደቀ በኋላ ይግባኝ ብሎ መንከራተት ሌላ ዕዳ ነው።»

«ገንዘቡ በሰው እጅ ነው የመጣው። ደረሰኝ የለም።»

«ደረሰኝ ምን ያደርጋል? ምስክር ይበቃል። ግንበኛው አለ፣ ብሎኬት ያራገፈ አለ፣ ከሁሉ በላይ ገንዘቡን የተቀበለችው እህት አለች። እሷም ወራሽ አይደለችም እንዴ? አንዲት ገጽ ትጻፍና በራሷ ስም ታስገባ፤ ውጭ ያለችው እስክትደርስ አጣሪው እንደገና ያጣራ ይባላል። ቀላል እኮ ነው።»

«ወንድማቸው ደግሞ ውክልና ላኪልኝ ሊላት ነው፣ ውጭ ያለችውን።»

ወልደ ሚካኤል ሳቁ፤ ደስ ያለው ሳቅ አይደለም። «ጎበዝ ነው! ወንድም በውክልና ስለ እህቱ ችሎት መቆም ይችላል። እሱ ክፍሎቹ የኔ ናቸው ይላል፣ ደግሞ ዞሮ በእሷ ስም አዎ የሱ ናቸው ይላል። መሸጥና መለወጥ የሚል ቃል ካስገባበት ደግሞ አንድ ሦስተኛ ድርሻዋንም በኪሱ ከተተ። ለደንበኛሽ ንገሪያት፣ ውክልናውን ከፈለገች ለሌላ ሰው ትስጥ። ኤምባሲ ቀርባ ትፈርማለች፣ እዚህ ውጭ ጉዳይ ያረጋግጠዋል፣ ሰነዶች ማረጋገጫ ይመዘገባል፣ አለቀ።» ከዚያ ትክ ብለው አዩአት። «እዚህ ያለችው እህት ምን ነክቷት ነው ዝም ያለችው?»

«እንጃ» አለች ጠሂራ፣ ወደ ኮምፒዩተሯ ዞራ።  ሽማግሌው ያወቁባት መሰላት፤ ምናልባት አውቀውባት ነበር፣ ከዚያ በኋላ ግን ምንም አልጠየቋትም።

ወደ ስድስት ሰዓት ተኩል ከሥራ ወጣች። ጁምዓ የሚሰገድበት ሰዓት ስለሆነ መንገዱ ግማሽ በግማሽ ስጋጃ ተነጥፎበታል፤ የተዘጉትን ሱቆች እየታከከች በዳር በዳር ሄደች። የሽማግሌው «ቀላል እኮ ነው» ጆሮዋ ላይ ተጣብቆ አልላቀቅ አላት። ቀላል መሆኑን እሷም ታውቃለች። አንዲት ገጽ ናት፣ በገጽ አርባ ብር፣ ለሠራተኛ ደግሞ በነፃ። ሆኖም ገጿን ባሰበች ቁጥር ሐራጅ የሚጮህ ሰው፣ ከበሩ ላይ የሚነቀል መጋረጃዋ፣ በማታውቀው ሰፈር አራተኛ ፎቅ ላይ ውኃ በጀሪካን ስትሸከም ይታያታል። ሉብና እዚያ አልጋ አላት፣ ምግብ አላት፣ ደመወዝ አላት፤ እኔ ምን አለኝ? አለች ለራሷ። ሰው ሊበድል ሲነሳ የተበዳዩን ሀብት መቁጠር ይቀናዋል። ራጉኤል ጥግ ስትደርስ ወስና ነበር፤ ልቧን ግን ደስ አላለውም።

ምስራ ምሳ አቅርባ ጠበቀቻቸው፤ በዓርብ ቀን እንደሚደረገው ሩዝ በሥጋ፣ ለጠሂራ ደግሞ ከወትሮው ለየት ባለ እጅ ሥጋውን አብዝታ ጨመረችላት። ስለ ሽንኩርት ዋጋ ተወራ፤ ኪሎው እንደገና መጨመሩን፣ ሥጋማ ጭራሽ የማይቀመስ መሆኑን። ስለ ወረቀቱ የተነፈሰ የለም። ሳህኑ ሲነሳ ሽኩር ደብተር ላይ የተገነጠለ ወረቀትና እስክሪብቶ አመጣ። ሉብና ስልኳን የምታገኘው ዓርብ ብቻ ነው፤ እመቤቷ ከቀትር ሰጥታት አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ትቀበላታለች። ጠሂራ በድምፅ ልንገራት ብትል ሽኩር እምቢ አለ። «በድምፅ የተባለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ይሁንላት። ያንቺን እጅ ጽሑፍ ደግሞ ታምናለች።»

እሱ እየተናገረ እሷ ጻፈች። ሽኩር የሚለው ዝብርቅርቅ ነበር፤ ከሰላምታ ወደ ሐራጅ፣ ከሐራጅ ወደ አባታቸው መቃብር ይዘላል። ጠሂራ በልማዷ አስተካከለችው። የማያስፈልገውን ቆረጠች፣ የሚያስደነግጠውን አለዘበች፣ ቅደም ተከተሉን አበጀች። ሐራጅ የሚለው ቃል ወጣ። ረቡዕ የሚለው ቃል አልገባም። «ክፍሎቹ የኔ ናቸው በያት» ሲላት እጇ ጥቂት አመነታ፤ ከዚያ ማንም ያላዘዛትን አንዲት ቃል ከራሷ ጨመረችበት። ሲጨርሱ እንዲህ ይነበብ ነበር፦

«ውድ እህቴ ሉብና፣ አሰላሙ ዐለይኪ። የአባባ የውርስ ወረቀት ዛሬ ቤት መጥቷል። ኑዛዜም ዕዳም የለም፤ ቤቱ ለሦስታችን እኩል፣ ለእያንዳንዳችን አንድ ሦስተኛ ተብሏል። ከኋላ ያሉት ሦስት ክፍሎች፣ እንደምታውቂው፣ ጋሼ ሽኩር በገንዘቡ የሠራቸው ስለሆኑ ውርሱ ውስጥ አልገቡም። ካንቺ የሚፈለገው ኤምባሲ ሄደሽ ለጋሼ ውክልና መላክ ብቻ ነው። የሚያሳስብ ነገር የለም። እህትሽ ጠሂራ።»

«እንደምታውቂው» የጠሂራ ናት። በሥራዋ የተማረቻት ቃል ናት፤ አንባቢው ያላወቀውን ነገር አውቀዋለሁ ብሎ እንዲያልፍ ታደርጋለች። ሽኩር እንኳ አነበባትና «በጣም አሪፍ!» አለ። በስልኩ ፎቶ አንስቶ ላከው፣ ዋናውን ወረቀት አራት ላይ አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተ። ጠሂራ ወደ ኪሱ ሲገባ አየችው።

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ የድምፅ መልእክት መጣ። ሽኩር ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ከፈተው፤ ምስራም እጇን እየጠረገች መጥታ ቆመች። ሉብና ቶሎ ቶሎ ነው የምትናገረው፣ ከኋላዋ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ይጮኻል። «እትዬ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ጽሑፍሽን ሳይ እንዴት ደስ እንዳለኝ! ግን እኔ ያኔ የላክሁት ለክፍሎቹ ይመስለኝ ነበር። ብሎኬት ገዛሁ ብለሽኝ አልነበር? ብቻ ስንት ዓመት ሆነው፣ እኔ ተሳስቼ ይሆናል። አንቺ ካልሽ ነው። ማንም ቢዋሸኝ እትዬ አትዋሸኝም።»

 ምስራ ወለሉን አየች። ሽኩር የመቅጃውን ምልክት ተጭኖ ስልኩን ወደ ጠሂራ አፍ አስጠጋ፣ በቅንድቡም «በይ እንጂ» አላት። አሁንም አንድ ቃል ይበቃ ነበር። «አዎ ሉብዬ» አለች ጠሂራ፣ በዚያ ሁልጊዜ በምታባብልበት ድምፅ። «ያ ለአባባ ሕክምና ዋለ እኮ፣ ነግሬሽ ነበር፣ ረስተሽው ነው።» ሽኩር ጣቱን አነሳ፣ መልእክቱ ሄደ። አልጋዋ ላይ ልትጋደም ወደ ክፍሏ ተሻገረች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የኋለኛው በር ተንኳኳ። ሁለት ሰዎች ናቸው፣ አንደኛው ሜትር ይዟል። ከሽኩር ጋር እየተሳሳቁ ሁለቱን የዕቃ ክፍሎች ለኩ፤ ከዚያ ሳያንኳኩ ወደ ሦስተኛው ገቡ። «ይቅርታ እህት» አለ ባለ ሜትሩ፣ ቁም ሳጥኗን በትከሻው ገፋ አድርጎ ግድግዳውን እየለካ። «ሦስቱም አንድ ላይ ይከፈታሉ፣ መካከሉን እናፈርሰዋለን። የፕላስቲክ ዕቃ ነው የሚገባው፣ ከባድ አይደለም።»  ሰዎቹ ሲወጡ ምስራ በበሩ ብቅ አለች፤ አፍራ ይሁን ቸኩላ አታስታውቅም።

«ጠሂ፣ ክፍሉን እስከ ወሩ መጨረሻ ልቀቁልን ነው ያሉት። ካርቶን ከሱቅ አመጣልሻለሁ።»

ጠሂራ ሽኩርን ያገኘችው ግቢው መካከል፣ ጥርሱን እየፋቀ ነው። «ማን ይነካሻል ብለኸኝ ነበር» አለችው።

«ማንስ ነካሽ? ማዕድ ቤቱ አጠገብ ያለችው የከሰል ማስቀመጫ ትጸዳልሻለች፣ ቀለም ትቀባለች። ሜዳ ላይ ጣልኩሽ እንዴ?»

«እዚያ አልጋ አይገባም።»

«ፍራሽ ይገባል።»

«ረቡዕ ችሎት እሄዳለሁ። ክፍሎቹን ማን እንደሠራቸው እናገራለሁ። ገንዘቡን የተቀበልኩት እኔ ነኝ» አለች። ድምፅዋ ከፍ ብሎ ጎረቤት ደረሰ፤ እዚያ ቤት ድምፅ ከፍ ሲል ይህ የመጀመሪያው ነው። ሽኩር አልተቆጣም። መፋቂያውን ከአፉ አውጥቶ በሁለት ጣቱ ደረት ኪሱን መታ መታ አደረገ። «ሂጂ። ከዚያ ዳኛው ይሄን ያነብልሻል። የማን እጅ ጽሑፍ ነው ይልሻል። እንደምታውቂው ያለሽው አንቺ ነሽ፣ እኔ አላልኩም። ዓርብ እንዲህ ብላ ረቡዕ እንዲያ የምትል ምስክር ደግሞ ምን እንደምትባል ከኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ።» አለና ወደ ውስጥ ገባ። እውነቱን ነው፣ ታውቃለች። ስንቱን ምስክር እንዲህ አድርገው ሲያፈርሱት የመስቀለኛ ጥያቄውን ራሷ ተይባለች።

አሥር ሰዓት ከአርባ ይላል ስልኳ። ሃያ ደቂቃ ቀርቷል። በሩን ቆልፋ ደወለች። ሉብና በሹክሹክታ አነሳች፤ «እትዬ? ምን ሆናችሁ?» ጠሂራ ጊዜ አላባከነችም። አለቀሰች እንጂ አልተንተባተበችም፤ ነገሩን እንደ አቤቱታ ከራስ እስከ እግሩ በቅደም ተከተል ነገረቻት። አምስተኛውን ገጽ፣ ሽኩር ያቆማቸውን ምስክሮች፣ ረቡዕን፣ በደብዳቤው የተዋሸውን፣ በድምፅ የተዋሸውን፣ ሰዎቹ ይዘው የመጡትን ሜትር። ውክልናውን ለሱ እንዳትልኪ፣ ለጋሼ ወልደ ሚካኤል ላኪላቸው፣ እሳቸው ይቆሙልሻል ማለት ጀመረች። ከዚያ ትዝ አላትና ዘመድ ካልሆነ ወይም ጠበቃ ካልሆነ አያስቆሙም፣ ጠበቃ እፈልግልሻለሁ፣ እኔም ረቡዕ ሄጄ ዋሽቼ ነው እላለሁ፣ ያፍሩብኝ፣ ግድ የለኝም አለች። ሉብና አንድም ጊዜ አላቋረጠቻትም። ማሽኑ ቆሟል፤ ትንፋሿ ብቻ ይሰማል።

«ወረቀቱ ስንት ሰዓት ነው የመጣው?» አለች ሉብና በመጨረሻ።

«ጠዋት። አንድ ሰዓት ተኩል።»

«ሰዎቹስ ክፍልሽን ሊለኩ የመጡት?»

«ከሰዓት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ።»

«ባይመጡስ?» አለች ሉብና።

ጠሂራ አፏን ከፈተች። ለሰው ሁሉ መልስ ትጽፋለች፤ ለባለ ዕዳ፣ ለተከሳሽ፣ ሚስቱን ለደበደበ እንኳ አንዳች የሚያስመስል መልስ አታጣም። ለዚህ አንድ ቃል አጣች። ልዋሽ ብትል እንኳ ከእንግዲህ የሚያምናት የለም። ሴኮንዶቹ በስልኩ ፊት ላይ ሲቆጠሩ ታያለች።

«ሉብዬ…»

«ለጋሼ ሽኩር ነው የምልከው ውክልናውን» አለች ሉብና። ድምፅዋ አልጠነከረም፣ አላለቀሰችም፤ የደከማት ሰው ድምፅ ነው። «እሱ እንደሚበላኝ ድሮም አውቃለሁ። እዚህ ስመጣ የፓስፖርቴን ብር የበላው እሱ አይደል? አንቺን ነው የማላውቅሽ። ክፍሉን አልነበረም እኮ የምፈልገው እትዬ። ስመለስ ካንቺ ጋር ልኖር ነበር።» ከወዲያ የሴት ጥሪ ተሰማ፣ በዐረብኛ፣ ቆጣ ያለ። «መጣሁ» አለች ሉብና ለዚያች ሴት፣ ስልኩም ተዘጋ። ጠሂራ መልሳ ደወለች። አይነሳም። እንደገና ደወለች፤ ስልኩ ጠፍቷል። የሚቀጥለው ዓርብ ከረቡዕ በኋላ ነው።

ውጭ የመግሪብ ሰዓት ሳይደርስ ዕቃ የሚያስገቡ ተሸካሚዎች በኋለኛው መንገድ «ዞር በሉ!» እያሉ ይጮኻሉ። ጠሂራ ፊቷን በሻሿ ጠርጋ በሩን ከፈተች። ሽኩር ለሶላት ውዱእ ለማድረግ እጅጌውን ሰብስቦ ቧንቧው ጋ ጎንበስ ብሏል። ከሉብና ጋር ስታወራ ሳይሰማት አልቀረም፣ ቀና ሳይል ጠየቃት።

«ምን አለችሽ?»

«እሺ ብላለች» አለች ጠሂራ። «ትልክልሃለች።»